አሥር ዓመት የማይሞላኝ ከሆነ ጡረታ ምን ያደርግልኛል?

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። በአንድ የሃይማኖት ድርጅት የልማት ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ልጆቼን አሳድጌ ዘግይቼ ስለ ገባሁ አገልግሎቴ ገና አምስት ዓመት ነው። ዕድሜዬ በቅጥር ቅጼ ላይ 51 ነው፤ እናቴ ግን ‹49 ነሽ› ትለኛለች። ደመወዜ 8,000 ብር ነው። እስካሁን ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረን፤ እኔ 7 በመቶ፣ ድርጅቱ 11 በመቶ እያዋጣን 70,000 ብር ገደማ ተጠራቅሞልኛል። አሁን ‹የፈለገ ወደ ጡረታ ይግባ፣ ያልፈለገ በነበረው ይቀጥል፤ አንዴ ከፈረማችሁ ግን መመለስ የለም› ተብለናል። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ጡረታ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ጥሬ ገንዘብሽን ያዢ› ይሉኛል። ባለቤቴ ገበሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ‹ወር በወር የሚገባ ይሻላል› ባይ ነው። ወጣት ሳለሁ ደምበጫ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት በታይፒስትነት ሠርቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ እስክቀጠር ድረስ ደመወዝ በልቼ አላውቅም። እንደ እኔ ዕድሜው ለገፋና አገልግሎቱ ላጠረ ሰው የትኛው ይሻላል?»

እህቴ፣ የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም 10 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ከሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሲተካ፣ ይህ ቁጥር ከቦታው አልተነቃነቀም። 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን ወር በወር ጡረታ የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። 10 ዓመት የሞላው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 60 ዓመት ሞልቶት አሥሩን ያልሞላ ሰው ግን የወር ጡረታ የለውም። አንድ ጊዜ ዳረጎት ተከፍሎት ይሸኛል። ዳረጎቱም ሥራ ሲያቆም የነበረው የአንድ ወር ደመወዝ በአገልግሎት ዓመቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

ስለዚህ ፕሮቪደንት ፈንድና ጡረታን ከማወዳደርዎ በፊት አሥሩን መሙላትዎን ይወቁ። የማይሞሉ ከሆነ የሚያወዳድሩት ፕሮቪደንት ፈንድን ከዳረጎት ጋር ነው፤ በዚያ ፉክክር ዳረጎት ይሸነፋል።

ዕድሜዎ ላይ ልቆይ። እናትዎን አምናለሁ። በእኛ አገር እናት የልጇን ልደት የምትቆጥረው «የእገሌ ሠርግ በነበረበት ዓመት» እያለች ነው፤ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። ሕጉ ግን የሚያየው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ዕድሜ ነው፤ ጡረታ ሲደርስ «ተሳስቼ ነው» የሚል አቤቱታ አያዋጣም። በሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ስሠራ በየዓመቱ የክርስትና ወረቀት ይዞ እያለቀሰ የሚመጣ አንድ ሁለት ሰው አላጣም ነበር። መዝገቡ ውስጥ የሰፈረው ዕድሜ እውነተኛው እንዳልሆነ አስተዳዳሪውም ሠራተኛውም ያውቁ ነበር፤ ለውጥ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሒሳባችንን በ51 እንሥራ። እስከ 60 የቀረዎት 9 ዓመት ነው። ዛሬ ጡረታ ገብተው ከዜሮ ቢጀምሩ በአንድ ዓመት ጎድለው ይቀራሉ ማለት ነው።

ያ አንድ ዓመት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በብር ላሳይዎት። ደመወዝዎ እንደዛሬው ቆሞ አይቀርም ብለን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 8,000፣ ለቀጣዮቹ ሦስት 12,000፣ ለመጨረሻዎቹ ሦስት 16,000 ብር ይሆናል እንበል። በዘጠኙ ዓመታት የሚያገኙት ደመወዝ በጠቅላላ 1,296,000 ብር ነው። 18 በመቶው፣ ማለትም እርስዎና ድርጅቱ በአንድ ላይ የምታዋጡት፣ 233,280 ብር ይሆናል። በፕሮቪደንት ፈንድ ቢቆዩ ይህን ሁሉ ከነወለዱ ይወስዳሉ። ጡረታ ገብተው በ9 ዓመት ቢወጡ ግን ዳረጎትዎ 16,000 በ9 ተባዝቶ 144,000 ብር ነው። ወለዱን ሳንቆጥር እንኳ ወደ 90 ሺህ ብር ያጣሉ። የደምበጫዋ ታሪክዎ ባትኖር ኖሮ «አይፈርሙ» ብዬ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ በጨረስኩ ነበር።

እርስዎ እንደ ትዝታ ያነሷት ያቺ ሁለት ዓመት ግን መልሱን ትገለብጠዋለች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሰጠና የጡረታ መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎት በግል ድርጅት ጡረታ ሥር ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ተደምሮ ይያዛል፤ ሁለቱ ዐቅዶች የአንዱን አገልግሎት ለሌላው ይቆጥራሉ። በመካከል ሃያና ሠላሳ ዓመት መቋረጡ አገልግሎቱን አያጠፋውም። ዋናው ጉዳይ ያን ጊዜ ሲለቁ ዳረጎት ወይም ሌላ ክፍያ ወስደው አገልግሎቱን ዘግተውት እንዳይሆን ነው። ካልወሰዱ 2 ሲደመር 9፣ 11 ዓመት ይሆናል። 30 በመቶ፣ ለአሥራ አንደኛው ዓመት 1.25 ሲታከልበት 31.25 በመቶ ማለት ነው። የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝዎ 16,000 ከሆነ በወር 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር ያገኛሉ።

አሁን ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል። 233,280 ብሩን ትራስ ሥር አስቀምጠው በየወሩ 5,000 እያወጡ ቢኖሩ አራት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ገንዘቡ ባንክ ገብቶ ቢወልድስ? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ በዚሁ በ7 በመቶ ልሥራው። የእርስዎና የድርጅቱ መዋጮ ዓመት በዓመት እየወለደ 60 ሲሞላዎ ወደ 296,000 ብር ይደርሳል። ከዚያ በየዓመቱ 60,000 እያወጡ፣ ቀሪው እየወለደ፣ ስድስት ዓመት አልፎ ጥቂት ወራት ይቆያል። 66 ዓመትዎን አልፈው በሕይወት ካሉ ጡረታው በልጧል። እናትዎ ዛሬም ልደትዎን እየቆጠሩልዎ ያሉ ሰው ናቸውና፣ በቤተሰባችሁ 66 ሩቅ ዕድሜ አይመስለኝም።

እንዲህ አጭር አገልግሎት ይህን ያህል የሚያወጣው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት አለው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ያስገኛሉ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት 3 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የሚያመጣው 1.25 ብቻ ነው። ስለዚህ አሥሩን ጥቂት አልፎ የሚወጣ ሠራተኛ ከሠላሳ ዓመት አገልጋይ ይልቅ ላዋጣው ብር የበለጠ ያገኛል። ሁለተኛው የደመወዝ ጉዳይ ነው። ፕሮቪደንት ፈንድ ዛሬ ከ8,000 ብር ላይ የተቆረጠውን 18 በመቶ እንደዚያው ይይዘዋል፤ ኑሮ ሲወደድ ያ ብር እየሟሸሸ ይሄዳል። ጡረታ ግን የሚሰላው በመጨረሻው ሦስት ዓመት ደመወዝ ነውና፣ በ8,000 ዘመን ያዋጡት ዓመትም በ16,000 ዘመን ይታሰብልዎታል። ሙሉ እውነቱን ልናገርና፣ ጡረታው አንዴ ከተወሰነ በኋላ ከገበያው ጋር አብሮ አይሮጥም። መንግሥት በየጊዜው ሲያሻሽለው አይተናል፤ ነገር ግን በ60 ዓመትዎ የሚቀበሉት 5,000 ብር በ70 ዓመትዎ ያንኑ ያህል ጤፍ አይገዛም።

ባልደረቦችዎ ሞኞች አይደሉም፤ የሚፈሩት ነገር አለ። የፕሮጀክት ሥራ ነው የያዛችሁት። ለጋሹ ከአራት ዓመት በኋላ ቢሄድና ጽሕፈት ቤቱ ቢዘጋ፣ በፕሮቪደንት ፈንድ የቆየች ባልደረባዎ በእነዚያ አራት ዓመታት የተጠራቀመላትን ወደ 78,000 ብር ከነወለዱ ይዛ ትወጣለች። እርስዎ ጡረታ ገብተው ከሆነ 2 ሲደመር 4፣ 6 ዓመት ይዘው ነው የሚወጡት። በእጅዎ የሚሰጥዎ ገንዘብ የለም፤ አገልግሎቱ ተይዞልዎ ይቀራል እንጂ ያዋጡት አይመለስልዎትም። አሥር ለመሙላት ሌላ መዋጮ የሚከፍል ቀጣሪ ማግኘት አለብዎት፤ በ55 ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ ሥራ መፈለግ ደግሞ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። አገልግሎትዎ አሥር ሳይሞላ ሞት ቢመጣም የቤተሰብዎ ድርሻ ዳረጎት ነው፤ ፕሮቪደንት ፈንድ ግን ያለው በሙሉ ለወራሽ ይተላለፋል። ጡረታውን መቀበል ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ባለቤትዎ የጡረታዎን ግማሽ፣ በእኛ ሒሳብ በወር 2,500 ብር፣ በተተኪነት ያገኛሉ። ልጆችዎ ያን ጊዜ አድገው ስለሚሆን የልጅ አበል ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም።

ስለዚህ ራስዎን የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ይህ ሥራ ቢያንስ 8 ዓመት ይቆየኛል ወይ? በደምበጫው ሁለት ላይ 8 ቢታከል አሥሩ ይሞላልና። ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነና ውሉ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ከሆነ በፕሮቪደንት ፈንዱ ይቆዩ። ድርጅቱ የራሱ ገቢ ያለው፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር፣ ሠራተኛ ከክፍል ክፍል እያዛወረ የሚያቆይ ከሆነ ግን ጡረታውን ይምረጡ።

ስለ ጥሬ ገንዘብ ከቤቴ አንድ ነገር ላንሣ። ታላቅ ወንድሜ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ 14 ዓመት ሾፌር ሆኖ ሠርቶ ሲወጣ 186,000 ብር ፕሮቪደንት ፈንድ ተሰጠው። ወጪውን የሚጽፍባት ባለመስመር ደብተር ነበረችው፤ ከሞተ በኋላ አገኘኋት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቆርቆሮ ለጣሪያ»፣ ቀጥሎ «ጥማድ በሬ»፣ ቀጥሎ «የልጅ ሠርግ»፣ ከዚያ «የአማቴ ተዝካር»፣ ከዚያ «ለእገሌ ብድር» ይላል። አንዱም የባከነ ወጪ አልነበረም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ ዘመድ ተዝካር ላይ እጁን አጥሮ እንዴት ይኖራል? ነገር ግን ደብተሯ በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ባዶ ገጽ ትጀምራለች፤ ወንድሜ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። መድኃኒቱን የምንገዛለት ተራ በተራ ነበር። እሱን ያሳዝነው የነበረው ማጣቱ ሳይሆን በየወሩ እኛን መጠበቁ ነበር። ባለቤትዎ «ወር በወር የሚገባ ይሻላል» ሲሉ የሚናገሩት ይህንን ነው፤ ገበሬ ገንዘብ በአንድ ወቅት ገብቶ በሌላው ወቅት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ ያውቃል።

የእርስዎ ጥሩ ዕድል ግን ሁለቱንም መያዝ መቻልዎ ነው። የተጠራቀመው 70,000 ብር የእርስዎ ነው። ወደ ጡረታ ሲገቡ ያ ገንዘብ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ወይ አሁን ይከፈልዎታል፣ ወይ እስኪወጡ ድረስ በስምዎ ይቀመጣል። «አምስቱ ዓመትም ለጡረታ ይቆጠርልሻል» የሚል ሰው ካለ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጥዎ፤ እስከዚያው እኔ በሒሳቤ ውስጥ አላስገባሁትም። ገንዘቡ ከተከፈለዎ ለጣሪያውም ለተዝካሩም የሚሆነው እሱ ነው፤ ጡረታው ለምግብና ለመድኃኒት ይቆይ።

በፕሮቪደንት ፈንድ ለመቆየት ከወሰኑም ዝም ብለው አይቆዩ። ገንዘቡ በተለየ የባንክ ሒሳብ ውስጥ መሆኑን፣ ወይስ ከድርጅቱ የሥራ ማስኬጃ ጋር ተቀላቅሎ መቀመጡን ይጠይቁ። የተቀላቀለ ከሆነ ድርጅቱ በተቸገረ ቀን የእናንተ ገንዘብ ደመወዝ መክፈያ ይሆናል። የሚታወቀውም በዓመት መግለጫው ነው። የእርስዎ 7 በመቶ፣ የድርጅቱ 11 በመቶና ወለዱ በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ተጽፈው ካላዩ፣ ወይም መግለጫ ሲጠይቁ «እናሠራልሻለን» እየተባለ ሳምንታት ካለፉ፣ ነገሩ ደኅና አይደለም። የፈንዱን መተዳደሪያ ደንብም ያንብቡ፤ ከተወሰነ ዓመት በፊት የለቀቀ ወይም በጥፋት የተሰናበተ ሰው የድርጅቱን ድርሻ እንደማያገኝ የሚደነግጉ ደንቦች አሉ። ጡረታ ከገቡም የሚጠበቅ ነገር አለ። ከደመወዝዎ የተቆረጠው 7 በመቶ ወደ ጡረታ ፈንዱ በየወሩ መግባቱን ያረጋግጡ። የደመወዝ ወረቀት ላይ መቆረጡ ብቻውን ገቢ ለመደረጉ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ከመፈረምዎ በፊት ደምበጫ ይውረዱ። ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ስሙ ተቀይሮ ወይም ከሌላ ጋር ተዋህዶ ሊሆን ስለሚችል ወረዳው አስተዳደር ሄደው የሰው ኃይሉን ሥራ ማን እንደ ተረከበ ይጠይቁ። ከዚያ መዝገብ ቤት ገብተው የግል ማኅደርዎን ያስፈልጉ። የሚፈልጓቸው የቅጥር ደብዳቤዎ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዎ፣ የመጨረሻ ደመወዝዎና የጡረታ መዋጮ ይቆረጥልዎ እንደነበር የሚያሳይ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ናቸው። ማኅደሩ ከተገኘ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አገልግለዋል፣ መዋጮ ተከፍሎላቸዋል፣ ዳረጎት አልወሰዱም» የሚል የአገልግሎት ማስረጃ በቁጥርና በማኅተም ያጽፉ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ማኅደሩ የለም» ካለዎት የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ከፋይናንስ ክፍል ይጠይቁ፤ ማኅደር ጠፍቶ ፔይሮል የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እዚያ ማኅደር ውስጥ የልደት ዘመንዎም ተጽፎ ይሆናል። መጀመሪያ የተቀጠሩት እዚያ ነውና፣ በወጣትነትዎ ያስመዘገቡት ዕድሜ ከአሁኑ ቅጽዎ ሊለይ ይችላል። ከእናትዎ ቃል ጋር ከገጠመ የቀረዎት 9 ሳይሆን 11 ዓመት ሊሆን ነው፤ ጡረታዎም ያን ያህል ከፍ ይላል። በተቃራኒው ከ51 በላይ አድርጎዎት ከተገኘ ደግሞ አሥሩ እንደገና ይጠባልና ሳይፈርሙ ይጻፉልኝ።

ማስረጃውን ይዘው ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በአቅራቢያዎ ላለው ጽሕፈት ቤት ያቅርቡና ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁ። የደምበጫው አገልግሎት ይያዝልኛል ወይ? የተመዘገበ የልደት ዘመኔ የትኛው ነው? መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከአለቃዎ የመፈረሚያ ጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ «ማስረጃ እያሰባሰብኩ ነው» ብለው በማመልከቻ ያስገቡና ገቢ የሆነበትን ቁጥር በራስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ። ደምበጫ ማኅደሩም ፔይሮሉም ከጠፋ ግን አይፈርሙ፤ በፕሮቪደንት ፈንዱ ይቀጥሉና መግለጫዎን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይጠይቁ።